ለጣሪያ ጥገና ጥያቄ መልስ ሲጠፋ፦ ቀጣዩን ደብዳቤ እንዴት እንጻፍ?

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር ነው የተከራየሁት። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ጣሪያው ያፈሳል። የቤቱ ባለቤት አዲስ አበባ ናቸው፤ እዚህ ያለው ወኪላቸው ደግሞ ቴሌግራም ላይ ያነባል እንጂ አይመልስም። ሳልጣላ፣ ግን ሳልለማመጥም እንዴት ልጻፍላቸው?»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ቀጣዩ ጽሑፍዎ ሌላ ማስታወሻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ቢሆን ይሻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 እንደሚደነግገው፣ አንዱ ተዋዋይ ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ መብቱን ለመጠየቅ በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ቀጣዮቹ ሁለት ቁጥሮች ደግሞ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሊሆን እንደሚችልና ለአፈጻጸሙ ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብ ሊቆረጥበት እንደሚቻል ይገልጻሉ። ስለዚህ «እባክዎ ያሠሩልኝ» የሚለው መልእክት ምንም ያህል ቢደጋገም ቀን እስካልተቆረጠበት ድረስ ሥራውን ለነገ ለማለት ያመቻል።

ከመጻፍዎ በፊት የቀድሞ መልእክቶችዎን ይሰብስቡ። በቴሌግራም አንድ ምልክት መልእክቱ መላኩን፣ ሁለት ምልክት ደግሞ መነበቡን ያሳያል፤ ይህ ለእርስዎ ጠቃሚ ማስረጃ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው በቴሌግራም አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው የስክሪን ፎቶ ያንሡ፤ ኮምፒውተር ካለዎትም በዴስክቶፑ መተግበሪያ `Export chat history` በሚለው ትእዛዝ ንግግሩን በሙሉ ያውርዱት። በስልክ የተነጋገራችሁትን ግን ማንም አይመዘግብልዎትም። እኔ ከወኪል ጋር በስልክ ባወራሁ ቁጥር ወዲያው «አሁን በስልክ እንደተነጋገርነው እስከ ዓርብ አናጺ እንደሚልኩ ነግረውኛል፤ አመሰግናለሁ» ብዬ እጽፍ ነበር። እንዲህ ያለው መልእክት ማንንም አያስቀይምም፤ በኋላ ግን በቀን የሚጠቀስ ጽሑፍ ይሆናል።

ደብዳቤውን ለቤቱ ባለቤት አድርገው ለወኪሉ ግልባጭ ይስጡት። ወኪሉን ዘልሎ በስውር መጻፍ ቅሬታ ያስነሣል፤ ለወኪሉ ብቻ መጻፍ ደግሞ ባለቤቱ «አልሰማሁም» እንዲሉ ያደርጋል። ግልባጩ ሁለቱንም ይዘጋል። እኔ ሽምብጥ ሰፈር ተከራይቼ በነበረበት ክረምት ባለቤቷ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ስለነበሩ አስቀድሜ ደውዬ «እትዬ፣ ነገሩ እንዳይረሳ በጽሑፍ ልኬልዎታለሁ» አልኋቸው። የደብዳቤው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነበር፦

«ጉዳዩ፦ የሚያፈሰውን ጣሪያ ማስጠገንን ይመለከታል። ከእርስዎ በተከራየሁት ቤት የመኝታ ክፍሉ ጣሪያ በመስኮቱ በኩል እንደሚያፈስ ሰኔ 8 ቀን በቴሌግራም ከፎቶግራፍ ጋር ለወኪልዎ አስታውቄአለሁ። ወኪልዎም ሰኔ 10 ቀን ‹አናጺ እልካለሁ› ሲሉ መልሰውልኛል። አናጺው ባለመምጣቱ ሰኔ 19 ቀን በድጋሚ ጽፌአለሁ፤ መልእክቱ ቢነበብም መልስ አልደረሰኝም። ውኃው ወደ አምፖሉ መስመር መድረሱን ገልጬ ሰኔ 27 ቀን የላክሁትም እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ስለሆነም ጣሪያው እስከ ሐምሌ 12 ቀን ድረስ እንዲጠገን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለሙያው በማናቸውም ቀን ከጧቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ቢመጣ በር ከፍቼ እቀበለዋለሁ። ይህ ደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ሆኖ እንዲቆጠርልኝ እያሳሰብሁ፣ ጥገናው እስከዚያ ቀን ካልተከናወነ በሕግ ያለኝን መብት ለመጠቀም እንደምገደድ አስታውቃለሁ።»

በዚህ ውስጥ «ቸል ብላችሁኛል» ወይም «ንቃችሁኛል» የሚል ቃል እንደሌለ ያስተውሉ። «ንቃችሁኛል» ካልሁ ባለቤቷ ስለ ንቀቱ ይመልሱልኛል፤ «ሰኔ 19 ጽፌአለሁ፣ መልስ አልደረሰኝም» ካልሁ ግን የሚመልሱት ስለ ጣሪያው ብቻ ነው። ወኪሉ ራሱ የሰጠውን ቃል በራሱ አነጋገር መጥቀስም ከማናቸውም ወቀሳ የበለጠ ይሠራል፤ ምክንያቱም ጥገናው የማን ሥራ እንደሆነ አምኖ የተናገረው እርሱ ነው።

ቀን አቆራረጡ ዘፈቀደ መሆን የለበትም። የእኔ ቤት የሚያፈሰው በቆርቆሮው ምስማር ሥር ነበር፤ ጎማው በፀሐይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ምስማሩ ይላላና ውኃ ያስገባል። ምስማሩን ቀይሮ ቀዳዳውን መድፈን ለአንድ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ስለሆነ፣ ዝናቡ የሚያባራበትን ጧት ለመጠበቅ ጭምር አንድ ሳምንት በቂ ነው። የእርስዎ ቤት አሸንዳው ተበስቶ ወይም የጣሪያው እንጨት በስብሶ ከሆነ ግን በሳምንት ይለቅ ማለት ተገቢ የጊዜ ገደብ አይሆንም። እንዲህ ሲሆን ሁለት ቀን ይቁረጡ፦ አንዱ ባለሙያ መጥቶ የሚያይበት፣ ሌላው ሥራው የሚያልቅበት። ከዚያ በፊት ግን ውኃው በእርግጥ ከጣሪያ መምጣቱን ያረጋግጡ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እየጀመረ ሲያባራ የሚቆም ከሆነ ጣሪያ ነው፤ በደረቅ ቀንም ኮርኒሱ የሚረጥብ ከሆነ ቧንቧ ወይም ላይ ያለው ታንከር ሊሆን ይችላል። ያልተጣራ ነገር ጽፈው ባለሙያው ሌላ ነገር ቢያገኝ ደብዳቤዎ ክብደቱን ያጣል። ውኃው እንደ እኔ ቤት ወደ መብራት መስመር ከደረሰ ደግሞ መልስ ሳይጠብቁ የዚያን ክፍል ብሬከር ያውርዱ፤ ማውረድዎንም ይጻፉላቸው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ኪራይ ማቆም ያምረዋል። እኔ አልመክርም። ኪራዩን ካቆሙ ክርክሩ ከጣሪያው ወደ ገንዘቡ ይዞራል፤ ባለቤቱም ለእርስዎ ማስጠንቀቂያ የሚጽፉበት ምክንያት ያገኛሉ። በወቅቱ በቴሌብር ወይም በባንክ ይክፈሉ፤ በምክንያት መጻፊያው ቦታም «የሐምሌ ወር ኪራይ» ብለው ይጻፉ። ይልቁንስ «ከፈቀዱልኝ እኔ አሠርቼ፣ የባለሙያውን ደረሰኝ አቅርቤ ከነሐሴ ኪራይ ላይ ይታሰብልኝ» የሚል ሐሳብ ያቅርቡና ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ባለቤቱ ሩቅ ሲሆኑ ይህን ብዙ ጊዜ ይወዱታል፣ ሰው የማፈላለጉ ድካም ስለሚቀርላቸው።

የተቆረጠው ቀን ካለፈ በማግሥቱ አጭር መልእክት ይላኩ፦ ደብዳቤውን በቀኑ ጠቅሰው ጊዜው ማለፉን ብቻ ይግለጹ። ዛቻ ግን አይጨምሩ፤ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ የሚለው ቃል ለመሄድ ሲወስኑ ብቻ የሚጻፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤቱን ያገናኛችሁን ሰው ወይም ሁለታችሁንም የሚያውቅ ጎረቤት በሽምግልና ማስገባት ይቻላል፤ ለሽማግሌውም ሙሉውን ታሪክ ከማውራት ደብዳቤውን ማሳየት ይበቃል።

የእኔ አከራይ ደብዳቤው በደረሳቸው ማግሥት ደውለው ከወኪሉ ምንም እንዳልሰሙ ነገሩኝ፤ አናጺውም ከተቆረጠው ቀን በፊት መጣ። ይሁን እንጂ የሠራው ቆርቆሮውን ብቻ ነበር፤ ውኃ ጠጥቶ የጎበጠው ኮርኒስ እንደ ነበረ ቀረ። በዚያው ዕለት «የጣሪያው ምስማር ዛሬ ተቀይሮልኛል፣ አመሰግናለሁ፤ በሐምሌው ደብዳቤ የጠቀስሁት ክፍል ኮርኒስ ግን ገና አልተቀየረም፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ እንዲያዩልኝ እጠይቃለሁ» ብዬ ጻፍሁ። ኮርኒሱ የተቀየረው ነሐሴ ውስጥ ነው።