መሠረቱ ለተሰነጠቀ ቤት ሻጩን ምን ብላችሁ ትጽፉለታላችሁ?

«ሰላም ለሁላችሁ። ጋርላንድ ላይ ቤት ኮንትራት ገብተናል። ኢንስፔክተሩ መሠረቱ ላይ ስንጥቅ አገኘ። ባለቤቴ ዋጋ እናስቀንስ ይላል፣ እኔ ራሳቸው ይጠግኑ ባይ ነኝ። ለሻጩ ምን ብለን እንጻፍ? ኦፕሽናችን ሐሙስ ያልቃል።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ልንገርሽ። ሐሙስ ሲባል እስከ እኩለ ሌሊት አይምሰልሽ። የቴክሳስ ኮንትራት ላይ ኦፕሽን የሚያልቀው በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 5:00 ላይ ነው፣ በእኛ 11 ሰዓት። እስከዚያ ድረስ በፈለጋችሁት ምክንያት ጥላችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ሻጩ የሚሰማችሁም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ስልክም ላያነሳላችሁ ይችላል።

1. የኢንስፔክተሩን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ ገንዘብ አትጠይቁ። እሱ የሚለው «በባለሙያ ይታይ» ነው። ፈቃድ ያለው ስትራክቸራል ኢንጂነር ከኪሳችሁ ቅጠሩ። በነጻ እናያለን የሚሉት የፋውንዴሽን ኩባንያዎች የሚኖሩት መሠረቱን ከሥር የሚደግፍ ምሰሶ፣ ፒር የሚባለውን፣ በመሸጥ ነው። ኢንጂነሩ ግን የሚሸጥላችሁ ነገር የለውም፤ የወለሉን ከፍታ ክፍል በክፍል ለክቶ፣ ማኅተሙን አሳርፎ ይሰጣችኋል። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከሆነ ምንም አይደለም ሊላችሁም ይችላል።

እኛ ቤት ስንገዛ ያጋጠመን ግን እንዲያ አልነበረም። ጋራዡ ማዕዘን ላይ ጡቡ እንደ ደረጃ እየወረደ ተሰንጥቋል፤ የሃያ አምስት ሳንቲም ጠርዝ ይገባበታል። ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ማሸጊያ አለ፣ እሱም መልሶ ተቀዷል። ከዚህ በፊት አንድ ሰው አይቶት ደፍኖታል ማለት ነው። ሻጩ የቤቱን ችግሮች በሚያሳውቅበት ዲስክሎዠር ላይ ግን የመሠረት ችግር «የለም» ተብሏል! ኢንጂነሩ ማዕዘኑ ሰምጧል አለ። የዳላስ አካባቢ ጥቁር ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። እዚያ ጥግ ላይ አሸንዳ የለም፣ ትልቅ ዛፍ ግን አለ።

2. «ይጠግኑልን» የሚለውን ሐሳብ ተዪው። የሻጩ ኤጀንት ምን እንዳደረገን ልንገርሽ። መጀመሪያ «ዳላስ ውስጥ ያልተሰነጠቀ ቤት የት አለ? ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው» ብሎ አመናጨቀን። (ባለበት ሁኔታ ቢባልም ኦፕሽን እስካላችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ አትደንግጡ።) በማግስቱ ፎቶ ላከልን፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ ለስነውታል። ከሥሩ «ተጠግኗል» ይላል። ደሜ ፈላ። ሻጭ ሊወጣ ያለበትን ቤት በርካሽ ነው የሚያስጠግነው። በጥገናው ቤቱ ወደ ላይ ሲነሳ አሮጌ ቧንቧ ሊሰበር ይችላል፣ የሚፈሰው ውሃ ደግሞ አፈሩን መልሶ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ቧንቧው ከጥገናው በፊትም በኋላም መፈተሽ አለበት። ይህን የሚያሠራላችሁ ሻጭ አላየሁም።

3. የባለቤትሽ ሐሳብም ግማሹ ነው ትክክል። ብድራችሁ በ10,000 ዶላር ቢቀንስ፣ በ7 ከመቶ ወለድ በ30 ዓመት፣ ወር ላይ የሚቀንሰው 66 ዶላር ገደማ ነው። በዚያ ፒር አይገባም። ክሎዚንግ ላይ ሻጩ ለወጪያችሁ ክሬዲት ከሰጣችሁ ግን ጥሬው ገንዘብ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ክሬዲቱ ገደብ አለው። ኮንቬንሽናል ብድር ሆኖ ቅድሚያ ክፍያችሁ ከ10 ከመቶ በታች ከሆነ ከዋጋው 3 ከመቶ አያልፍም፣ ከክሎዚንግ ወጪያችሁም መብለጥ የለበትም። የኛ ቤት 320,000 ስለነበር ገደቡ 9,600 ሆነ። ለሌንደራችሁ ችግሩን ንገሩት፣ መጠኑንም አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ዋናው ግን መልእክቱ ነው። በኤጀንታችን በኩል የላክነው ይህን ነበር፦

«ቤቱን አሁንም እንፈልገዋለን። የኢንጂነሩን ሪፖርትና የጥገናውን ዋጋ አያይዘናል። የጋራዡ ማዕዘን 14 ፒር ይፈልጋል፣ 9,800 ዶላር። የቧንቧ ምርመራ ከጥገናው በፊትና በኋላ 700፣ አሸንዳ 1,000። ድምሩ 11,500 ነው። ከዚህ 9,500ው ለክሎዚንግ ወጪያችን እንዲሰጠን፣ 2,000 ከዋጋው እንዲቀነስልን እንጠይቃለን። ጥገናውን እኛው እናሠራለን። እስከ ነገ ማታ መልስዎን እንጠብቃለን።»

ስለ ተለሰነው ሲሚንቶም ስለ ዲስክሎዠሩም አንድ ቃል አላነሳንም። ባለቤቴ ልክ ልኩን ልንገረው ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቆምኳት። ሪፖርቱ እጁ ገብቷል፤ እኛ ብንወጣ ለሚቀጥለው ገዢ ዲስክሎዠሩ ላይ መጻፍ ግዴታው ነው። ኤጀንቱ ይህን ከኛ በላይ ያውቃል። ያ ሲያመናጭቀን የነበረ ሰውዬ በማግስቱ በትሕትና ደወለ። 2,000ውን እምቢ አሉ፣ 9,500ውን ፈረሙ።

አንቺ ዛሬውኑ ኢንጂነር ያዢ። እስከ ረቡዕ ካልተገኘ ኤጀንትሽ ኦፕሽኑን በጽሑፍ ያስራዝምላችሁ። ሻጩ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፣ ክፈሉት። «በቃል ተስማምተናል» ቢሉሽ ግን ሻጩ ካልፈረመ ሐሙስ 11 ሰዓት እንደ ቀድሞው ነው።