የፔቲ ካሽ ሳጥን ሁሌ 5,000 ነው ማለት ያለበት

ጥያቄ፦ «ጅማ፣ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ውስጥ ካሸር ሆኜ ከገባሁ ሁለት ወሬ ነው። ለጥቃቅን ወጪ የሚሆን ፔቲ ካሽ 5,000 ብር ይዣለሁ። ሥራ አስኪያጁ ‹ሲያልቅ ሌላ 5,000 ትወስጃለሽ› ይላል፤ አካውንታንቱ ‹ያወጣሽውን ብቻ ነው የምተካው› ብሎ ድርቅ አለ። ለእኔ የቱ ይበጀኛል?»

አካውንታንቱን ስሚው፣ እህቴ። ለራሱ ሥራ ሲል ቢሆንም የሚያድንሽ እሱ ነው።

እኔም እዚሁ ጅማ ካሸር ሆኜ ስጀምር የገባሁበት ቢሮ እንደ ሥራ አስኪያጅሽ ነበር የሚሠራው። ሲያልቅ እጠይቃለሁ፣ አንዴ 3,000፣ አንዴ 2,000 ይሰጠኛል። አንድ ቀን ኦዲተር መጣና «አሁን ሳጥንሽ ውስጥ ስንት ብር መኖር አለበት?» አለኝ። ዝም አልኩ። የአራት ወር ወረቀት ደምረን፣ ከወሰድኩት ቀንሰን መልሱን እስክናገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። 1,100 ብር ጎደለ፤ ከደመወዜ ተቆረጠ። የት እንደሄደ ዛሬም አላውቅም።

አካውንታንትሽ የሚለው፣ ኢምፕረስት የሚሉት አሠራር ለኦዲተሩ ጥያቄ መልሱን አስቀድሞ ያስቀምጥልሻል። የተሰጠሽ 5,000 አይለወጥም። በየትኛውም ሰዓት ጥሬ ብሩና የተከፈለበት ቫውቸር ተደምረው 5,000 መምጣት አለባቸው። መተኪያው ደግሞ ልክ የወጣውን ያህል ስለሆነ ሳጥኑ ተመልሶ 5,000 ይሆናል።

ለምሳሌ በሦስት ሳምንት ይህን አወጣሽ እንበል፦ ለባጃጅ 420፣ ከሂርማታ ገበያ ለተገዛ ስኳርና ቡና 1,260፣ ለፎቶ ኮፒ 380፣ ለውሃ 640፣ ለጽዳት ዕቃ 875፣ ቧንቧ ለጠገነ ሰው 500። ድምሩ 4,075 ነው፣ ስለዚህ 925 ብር ሊኖርሽ ይገባል። ቆጥረሽ 885 አገኘሽ። 40 ብር ጎድሏል፤ ምናልባት መልስ ስትሰጪ ተሳስተሻል። ቼኩ የሚጻፈው በ4,115 ነው፤ አካውንታንቱ 4,075ቱን በየወጪ ርዕሱ ይመዘግብና 40ውን የጥሬ ገንዘብ ጉድለት ብሎ ለብቻው ያሳያል። ጉድለቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለታየ ማስታወስ ትችያለሽ፤ መክፈል ካለብሽም 40 ብር ነው።

አብዛኛው ካሸር የሚወድቀው እምቢ ማለት አፍሮ ከሳጥኑ ለሰው ሲያበድር ነው። ሾፌሩ «እስከ ማታ 600 ብር ስጪኝ» ይላል፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ፈርሞ ይሄዳል። ያ ወረቀት ቫውቸር አይደለም። ድንገተኛ ቆጠራ ከመጣ 600ው ያንቺ ጉድለት ሆኖ ነው የሚጻፈው። ለሥራ ቅድሚያ ክፍያ የግድ ከሆነ ኃላፊው ያጸደቀው ይሁን፣ በማግስቱም በደረሰኝ ይወራረድ። ለግል ብድር ግን «ሳጥኑ የእኔ አይደለም» በይ። ቅር ይላቸዋል፤ ይበላቸው።

ባጃጅ ደረሰኝ የለውም። ለእሱ ከየት ወዴት፣ ለምን ጉዳይ፣ ስንት እንደሆነ የሚል ቫውቸር የሄደው ሰው ይፈርማል፣ ኃላፊው ያጸድቃል። ብሩን በአሃዝ ብቻ ሳይሆን በፊደልም ጻፊ፤ 150ን 450 ማድረግ አንድ የብዕር ጭረት ነው።

ይህ አሠራር የማይይዘውም አለ። ሳጥኑ 5,000 ሞላ ማለት ሂሳቡ ገጠመ እንጂ ወጪው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። የሐሰት ደረሰኝም ሳጥን ይሞላል። ስለዚህ መተኪያ ቼኩን የሚፈርመው ሰው ቫውቸሮቹን አንድ በአንድ ማየት አለበት፤ አይቶ ሲጨርስም «ተከፍሏል» የሚል ማህተም ይምታባቸው። ካልተመታ ያው ደረሰኝ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል፣ አይቻለሁ። ሌላው ማጭበርበሪያ መሰንጠቅ ነው። የአንድ ክፍያ ጣሪያ 1,000 ከሆነ የ1,800 ብር ዕቃ በሁለት ደረሰኝ ይቆረጣል። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ ቁጥራቸው ተከታትሎ የመጣ ሁለት ደረሰኝ ካየሽ ጠይቂ።

ሳጥንሽ ባዶ እስኪሆን አትጠብቂ፤ ሩብ ያህል ሲቀር መተኪያ ጠይቂ። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ግን ብር ቢተርፍሽም በዚያ ቀን አስተኪ፤ አለዚያ የሰኔ ወጪ ሐምሌ ላይ ይመዘገባል።

ሥራ አስኪያጁ 5,000 አነሰ ብሎ ከሆነ የሚሰጋው መፍትሔ አለው። በደብዳቤ ወደ 8,000 ያሳድገው፤ ያኔ አንድ ጊዜ የ3,000 ቼክ ይሰጥሻል፣ ከዚያ በኋላ ቁጥርሽ 8,000 ነው። እስካሁን «ሌላ 5,000» አንዴ ወስደሽ ከሆነ ደግሞ ከአካውንታንቱ ጋር ቁጠሩ፣ ቫውቸሩን አስረክቢው፣ ከ5,000 በላይ የተረፈ ጥሬ ብር ካለ ባንክ አስገቢና የተቆጠረበትን ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙበት። አንዱ ኮፒ አንቺ ጋ ይቅር።