ሚዛኑ 60 ቢልም

ለፈተና ለምትዘጋጁ የሥነ ምግብ ተማሪዎች፣

የኬዝ ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚያስጥላችሁ ሒሳቡ አይደለም። ማባዛቱንማ ማንም አያቅተውም። ችግሩ የትኛውን ክብደት እንደምታባዙ ሳትወስኑ ካልኩሌተር ማንሳታችሁ ነው። አንድ ኬዝ ይዤ ላሳያችሁ።

ታካሚው ከጣና ዳር የመጣ የ45 ዓመት ዓሣ አስጋሪ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ጉበቱን ጎድቶት ሲሮሲስ ላይ ደርሷል። ሆዱ በመካከለኛ ደረጃ ውሃ ይዟል፣ ሁለቱም እግሮቹ አብጠዋል። ቁመቱ 1.70 ሜትር ነው፣ ሚዛኑ 60 ኪሎ ይላል። ባለፉት 7 ቀናት ከጥቂት ጉርሻ በላይ አልቀመሰም። የቀን የኃይልና የፕሮቲን ፍላጎቱን ገምቱ ተብላችኋል።

ቸኩሎ የሚሠራ ተማሪ 60ን ለቁመቱ ካሬ ያካፍልና ቢኤምአይ 20.8 ያገኛል። "ክብደቱ ጤናማ ነው" ብሎ ያልፋል። ግን ከዚያ 60 ኪሎ ውስጥ ስንቱ ሥጋ፣ ስንቱ ውሃ ነው? ዋርድ ውስጥ ብትሆኑ ቅልጥሙን በአውራ ጣታችሁ ትጫኑትና ጉድጓዱ ሳይሞላ ሲቆይ ታያላችሁ። ክንዱንም ትይዙታላችሁ፤ ሆዱ እንደዚያ ተነፍቶ ክንዱ አጥንት ብቻ ነው። ፈተና ላይ ይህን የሚነግራችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለሆነ እንዳያመልጣችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ደረቅ ክብደቱን ፈልጉ። ውሃው ከተቀዳለት በኋላ የተመዘነው ወይም ሳያብጥ በፊት የነበረው ክብደት ከተጻፈ እሱን ውሰዱ። ከሌለ ደግሞ በግምት ይቀነሳል፦ የሆድ ውሃው ቀላል ከሆነ 5 በመቶ፣ መካከለኛ ከሆነ 10፣ ከባድ ከሆነ 15፤ ሁለቱም እግሮች ካበጡ ሌላ 5 ይጨመራል። የእኛ ሰው 15 በመቶ ይቀነስለታል። 60 ላይ 9 ስንቀንስ 51 ኪሎ ይቀራል። ቢኤምአዩም 17.6 ሆነ። ጤናማ ያልነው ሰው ከስቶ ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ማባዛት ይቻላል። ለሲሮሲስ ታካሚ በኪሎ ቢያንስ 35 ኪሎ ካሎሪ ስለሚያዝ 51 ሲባዛ በ35 ወደ 1,800 ይጠጋል። ፕሮቲኑ በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ነው፣ በቀን ከ61 እስከ 77 ግራም ማለት ነው። ሰውየው ስለከሳ እኔ ወደ ላይኛው አደላለሁ። "ጉበቱ ታሟል፣ ፕሮቲን ይቀነስለት" የሚለው የድሮ ትምህርት ነው፤ ያለውንም ጡንቻ ያስጨርሰዋል። ሌላው የማየው ስህተት 1,800ውን እንደገና በ"ስትረስ ፋክተር" ማባዛት ነው። ያ ማባዣ ለብቻው ለተሰላ የዕረፍት ኃይል ነው የተሠራው። በኪሎ የተሰጠው 35 በሽታውን አስቀድሞ ቆጥሮታል።

ግን እዚህ አታቁሙ፤ ኬዙ ወጥመድ አለው። ቢኤምአዩ ከ18.5 በታች ነው፣ ከ5 ቀን በላይም በቅጡ አልበላም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ለሪፊዲንግ ሲንድሮም ከፍተኛ ስጋት ላይ ነው። በ20.8 የሠራው ተማሪ አንዱ ምልክት ብቻ ስለሚታየው ስጋቱን ጭራሽ አያየውም። የተራበ ሰው ድንገት ምግብ ሲገባለት ኢንሱሊኑ ይነሳና ፎስፌቱን፣ ፖታሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከደም ወደ ሴል ይስባቸዋል። ልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ 1,800 ግቡ እንጂ የመጀመሪያ ቀን ትዕዛዝ አይደለም። በኪሎ ከ10 ኪሎ ካሎሪ ሳይበልጥ፣ ማለትም በ510 አካባቢ ተጀምሮ፣ ደሙ እየተመረመረ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ግቡ ይደርሳል። ታያሚን ምግቡ ከመጀመሩ በፊት ይሰጠዋል። የተሰቀለለትን ግሉኮስም ቁጠሩ፤ አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ 170 ኪሎ ካሎሪ አለው፣ ከ510ሩ ሲሶው ሄደ።

ጥያቄው የአመጋገብ ዕቅድ ከጠየቀ ደግሞ የሌሊቱን ነገር አትርሱ። የታመመ ጉበት የሚያስቀምጠው ስኳር ትንሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሆዱን ካደረ ሰውነቱ ጡንቻውን ያቃጥላል። ስለዚህ ከመተኛቱ በፊት አንድ ነገር ይቅመስ። በሶ ይሆናል፣ ጨው ግን አይብዛበት፤ ጨው ውሃውን ይይዝበታል። ጿሚ ከሆነና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ከሆነ ግን የሌሊቱ ጾም እስከ ከሰዓት ይረዝማል። እንዲህ ያለውን ታካሚ የነፍስ አባቱን እንዲያማክር ንገሩት፣ ዕቅዱ ላይም ጻፉት።