«ተቃጥሏል» እና «ተቃጥሏል አሉ»

ጥያቄ፦ የብሎካችን ሰዎች ስለ ውሃ በፌስቡክ የተከራከሩበትን 4 ስክሪንሹት አሳጥሬ፣ ስማርት ስልክ ለሌላቸው የዕድራችን አባላት እንዳነብ ታዘዝኩ። «ፓምፑ ስለተቃጠለ ውሃ ለ11 ቀን ተቋርጧል፤ ኮሚቴውም ከየቤቱ የሰበሰበውን 300 ብር በልቷል» ብዬ አነበብኩ። አንድ አባት «ይሄ የቱ ጋ ተጽፏል?» ብለው አፋጠጡኝ። ምን አጠፋሁ? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ የላክልኝን 4 ምስሎች ደጋግሜ አየኋቸው፤ አባታችን እውነት አላቸው። ለጣፊው ያሉት ይህን ነው፦ «ጎረቤቶች፣ ውሃ ከጠፋ 11 ቀን ሆነው። ፓምፑ ተቃጥሏል አሉ። ኮሚቴው ከየቤቱ 300 ብር ሰብስቦ እስካሁን የገዛው ነገር የለም። ቅዳሜ ስብሰባ…» ከዚያ See more ይልና ጽሑፉ ይቆረጣል።

በመጀመሪያ «ስለ» የምትለዋን ፈልጋት፤ አታገኛትም። ለጣፊው የውሃውን መጥፋትና የፓምፑን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አስቀመጡ እንጂ አንዱ ሌላውን አመጣ አላሉም። ይህን ሊሉ ፈልገው ይሆናል፤ ማንም አንባቢ እንደዚያ ይገምታል። ግምቱ ግን ያንተ ነው። ደግሞም ሁለተኛው ምስል ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ «ፓምፑ አልተቃጠለም፣ መብራት ነው የጠፋው፤ ትናንት ራሴ ገብቼ አይቻለሁ» ብለዋል። አንተ ምክንያቱን አንድ አድርገህ ስትዘጋው፣ እኚህ ሰው ከነጭራሹ ከማጠቃለያው ወጡ። ብሎኩ የተጨቃጨቀው ደግሞ በዚሁ ነጥብ ላይ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት «አሉ» መውደቋ ነው። ትንሽ ቃል ስለሆነች ማሳጠር ስንጀምር መጀመሪያ የምንጥለው እሷን ነው። ለጣፊው ግን በእሷ የተናገሩት ፓምፑን ሳያዩ የሰሙትን እንደሚያወሩ ነው። «አሉ»ን ስትጥል ወሬ ሰሚውን የዓይን ምስክር አደረግሃቸው። «ይባላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «መሰለኝ» የሚሉትንም እንደዚሁ ጠብቃቸው። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት «የታክሲ ፌርማታው ሊነሳ ነው አሉ» የሚለውን አሳጥሬ «ፌርማታው ተነስቷል» ብዬ ለጎረቤቶቼ ላክሁ፤ አንዲት እናት በማግስቱ ማለዳ እቃ ተሸክመው እስከ ዋናው አስፋልት በእግራቸው ሄዱ። ፌርማታው ያኔም ከቦታው ንቅንቅ አላለም ነበር።

«በልቷል» የሚለው ከሁሉ የከፋ ነው። የተጻፈው «የገዛው ነገር የለም» ነው። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦም፣ ዕቃ ታዝዞም ሊሆን ይችላል፤ ከምስሉ አይታወቅም። በዚህ ላይ ሦስተኛው ምስል ላይ ሌላ ነዋሪ «እኛ ብሎክ 500 ነው የከፈልነው» ይላሉ። ስለዚህ 300ን ብቻ ማንበብህም ጎደሎ ነበር። ብሩን በቤቶች ቁጥር አባዝተህ ጠቅላላ ድምር ለማውጣት እንዳትሞክርም፤ ስንት ቤት እንደከፈለ የትም አልተጻፈም።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ እያንዳንዱን አባባል በየመስመሩ አሰፍራለሁ፤ ከጎኑ ማን እንዳለውና ስንተኛው ምስል ላይ እንዳለ እጽፋለሁ። ማጠቃለያውን ከዚያ ወረቀት ብቻ እጽፋለሁ። ስጨርስ በእያንዳንዱ ግስ ላይ ቆሜ ምስሉ ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ። ጣቴ የሚያርፍበት ካጣ ቃሉ ይሰረዛል። ያንተን በዚህ መንገድ ስጽፈው ይህን ሆነ፦

«ለጣፊው ውሃ ከጠፋ 11 ቀን እንደሆነ፣ ፓምፑ ተቃጥሏል ሲባል እንደሰሙ፣ ኮሚቴው ከየቤቱ 300 ብር ሰብስቦ ምንም እንዳልገዛ ይናገራሉ። ስለ ቅዳሜ ስብሰባ ሲጀምሩ ጽሑፉ ተቆርጧል። አንድ አስተያየት ሰጪ ፓምፑ እንዳልተቃጠለና የጠፋው መብራት እንደሆነ፣ ይህንንም ራሳቸው እንዳዩ ይናገራሉ። ሌላ ነዋሪ የእሳቸው ብሎክ 500 ብር እንደከፈለ ይናገራሉ። ያልተከፈቱ 8 ምላሾች አሉ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የመጣችው ከ View 8 more replies ነው። ምላሾቹ ምን እንደሚሉ አላየንም፤ መኖራቸው ግን ምስሉ ላይ ይታያል፤ ስለዚህ ይነገራል። በነገራችን ላይ ሁሉንም «ይናገራሉ» ያልኩት አክብሮት ብቻ አይደለም። የለጣፊው መጠሪያ «የኮዬ ኑሮ» ነው፤ ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። «ይናገራል» ብል ጾታ ጨመርኩ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪንሹቱ ላይ 2d ይላል። ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ «ነገ ከ3 ሰዓት ጀምሮ መንገድ ይዘጋል» የሚል አለ። ቀኑን አስልቼ ብጽፈው ለሰው አይቀልም? (ከሰበታ)

መልስ፦ ይቀል ነበር፤ ስሌቱ ግን የሚነሳበት የለውም። 2d የሚቆጠረው ስክሪንሹቱ ከተነሳበት ሰዓት ነው፤ ምስሉ እርስዎ ጋ የደረሰው ከሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል። ከላይ ጥግ ላይ ያለው የስልኩ ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዓት እንጂ ቀን አያሳይም። «ምስሉ ሲነሳ ከተለጠፈ 2 ቀን የሆነው ጽሑፍ፣ በተለጠፈ በማግስቱ ከ3 ሰዓት ጀምሮ መንገድ እንደሚዘጋ ይናገራል» ብለው ይጻፉ። 3 ሰዓቱንም እንዳለ ይተዉት። ለእኛ 3 ሰዓት ጠዋት ነው ወይም ማታ፤ ለጣፊው በስልካቸው አቆጣጠር ጽፈውት ከሆነ ግን 9 ሰዓት ይሆናል። «በ12» የሚል ቀን ሲገጥምዎም እንደዚሁ ነው፤ የኛ ወር ይሁን የፈረንጅ ካልተጻፈ አይተርጉሙት።

ጥያቄ፦ ጽሑፉን 420 ሰው ወዶታል። «አብዛኛው ነዋሪ ደግፎታል» ማለት እችላለሁ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አትችዪም። «420 የስሜት ምልክት ይታያል» በይ። ከመካከላቸው የሚስቀው ፊት ስንት እንደሆነ እንኳ ከምስሉ አይነበብም፤ የነካው ሰው ነዋሪ መሆኑማ ጨርሶ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ አንዱ «ጎበዝ ኮሚቴ! እንዲህ ነው ሥራ!» ብሎ ጽፏል። ሲያሾፍ መሆኑ ግልጽ ነው። «ኮሚቴውን ተችቷል» ብል ምን ችግር አለው? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ሰሙን ጻፍ፣ ወርቁን ለአንባቢው ተውለት። ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ አስቀምጠው፤ የሚስቅ ምልክት ካለበትም «የሚስቅ ምልክት አድርጎበታል» በል። የሚያሾፍ የመሰለህ ሰው ከልቡ አመስጋኝ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ 9 ምስል በቴሌግራም ተላከልኝ፤ አንዳንዱ አስተያየት ሁለት ቦታ ይታያል። እንዴት ላስተካክለው? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ መደጋገሙ ለእርስዎ ጥሩ ነው። ምስል ያነሳው ሰው በጥንቃቄ ወደ ታች እየጎተተ ካነሳ፣ የአንዱ ምስል የመጨረሻ አስተያየት በቀጣዩ አናት ላይ ይታያል። በዚህ ነው ቅደም ተከተሉን የሚያውቁት፤ የተደገመውን ግን አንዴ ብቻ ይቁጠሩ። የማይገናኙ ሁለት ምስሎች ካሉ በመካከላቸው የቀረ ነገር ሊኖር ስለሚችል «ከምስል 5 በኋላ ይቀጥል አይቀጥል አይታይም» ብለው ምልክት ያድርጉ። አስተያየቶቹ Most relevant በሚለው ተደርድረው ከሆነ ከላይ ያለው ቀድሞ የተጻፈ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ «በመጀመሪያ»፣ «ከዚያም መለሰለት» እያሉ ታሪክ አያድርጉት። በአንድ ሰው አስተያየት ሥር ገባ ብሎ የተጻፈ ከሆነ ግን በዚያ አስተያየት ሥር የተሰጠ ምላሽ ነው፤ ይህን መጻፍ ይችላሉ።