የማይከፈል ዱቤና የዓመት መዝጊያ ትርፍ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 ላይ 2,000,000 ብር ተሰብሳቢ አለን። እስካሁን ላይከፈል ለሚችለው በደፈናው 5 በመቶ መጠባበቂያ ነበር የምንይዘው። ኦዲተሩ ግን «በዕድሜ ከፋፍላችሁ አምጡ» አለን። ምን ይለውጣል?

መልስ፦ ባለፈው ሳምንት የወጣ ሲሚንቶና ስምንት ወር የከረመ የብረት ዕዳ እኩል አያሰጉም። በደፈናው ሲያዝ ይሄ ይደበቃል። ክፍፍሉ እንዲህ ነው እንበል። 30 ቀን ያላለፈው 1,200,000 ብር ነው፤ 1 በመቶ ያዙለት፣ 12,000። እስከ 90 ቀን የቆየው 500,000 በ5 በመቶ 25,000 ይሆናል። እስከ 180 ቀን የቆየው 200,000 በ20 በመቶ 40,000። ከዚያ ያለፈው 100,000 በግማሽ 50,000። ድምሩ 127,000 ብር ነው። በድሮው አያያዝ 100,000 ነበር የምትይዙት።

አሁን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። 127,000 ሰኔ 30 ላይ መጠባበቂያው መድረስ ያለበት ልክ እንጂ የዘንድሮ ወጪ አይደለም። ካምናው የተረፈ 45,000 ካለ የምትጨምሩት 82,000 ብቻ ነው። ወጪው ዴቢት፣ መጠባበቂያው ክሬዲት። ከዚህ በፊት ትርፉ 600,000 ከነበረ 518,000 ይሆናል። ተሰብሳቢውም ተቀናሹ ወጥቶለት 1,873,000 ሆኖ ይታያል።

ጥያቄ፦ ይሄ 127,000 ብር የት ባንክ ነው የሚቀመጠው? ደግሞ አንድ ዕቁብተኛ 40,000 ብር በልቶኝ ጠፍቷል። ለሱም መጠባበቂያ ልያዝ?

መልስ፦ የትም አይቀመጥም። አንድም ብር ከካዝና አልወጣም። መዝገቡ ላይ «ከዚህ ዱቤ ይሄን ያህሉ ላይመጣ ይችላል» ብለን መቀነሳችን ነው። የዕቁቡ ነገር ያሳዝናል፤ ግን ያንተ የግል ገንዘብ ከሆነ የድርጅቱ መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ 1 በመቶ፣ 20 በመቶ የምትለው ከየት መጣ? አለቃዬ «ዝም ብለህ ጻፍ» ነው የሚለኝ።

መልስ፦ ከራሳችሁ መዝገብ ነው የሚመጣው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ደረሰኞች አውጣ። ሳይከፈሉ ከ90 ቀን ያለፉት ስንት ነበሩ? 800,000 ብር ነበር፣ ከዚያ ውስጥ 160,000 ጨርሶ አልተከፈለም እንበል። 20 በመቶው ይኸው መጣ። ቀጥሎ ወደፊት ማየት ነው። ደንበኞችህ ኮንትራክተሮች ከሆኑና ሥራ ከቀዘቀዘ የድሮው መቶኛ ያንሳል።

አንድ ትልቅ ደንበኛ ብቻውን የዕዳውን ሲሶ ከያዘ ግን መቶኛውን ተወው። እሱን ለብቻው አውጥተህ እይ፦ ምን ፕሮጀክት ላይ ነው? ለሱ የሚከፍለውስ ማነው? ቼኩ ተመልሷል ወይ?

ጥያቄ፦ በጥቅምት አንዱ ደንበኛ ሱቁን ዘግቶ ቢጠፋስ? 60,000 ብር አለበት። ትርፋችን እንደገና ይቀንሳል?

መልስ፦ አይቀንስም። ጥሬው ተሰብሳቢ ከ2,000,000 ወደ 1,940,000 ይወርዳል፤ መጠባበቂያውም ከ127,000 ወደ 67,000። ልዩነቱ ያው 1,873,000 ነው። ኪሳራውን ሰኔ ላይ ቀድማችሁ ተቀብላችሁታል። ሰውየው ተመልሶ ከከፈለ መጀመሪያ የሰረዛችሁትን መልሱ፣ ከዚያ ገንዘቡን መዝግቡ።

ጥያቄ፦ እኔ እንደማውቀው ትርፍ ሲቀንስ ግብርም ይቀንሳል። ስለዚህ በርከት አድርጎ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው፤ መዝገቡ ላይ ትርፍ ይቀንሳል። ግብር ላይ ግን የነጋዴ ግምት አይቀነስም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ዕዳው ቀድሞ በገቢነት የተያዘ፣ ከመዝገብ የተሰረዘና በሕግ መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ያልተገኘ መሆን አለበት። ሌላ ማስተካከያ ከሌለ 82,000ው ተመልሶ ይደመራል። 30 በመቶው ከ600,000 ላይ ይሰላል፣ 180,000 ብር።

ማብዛቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ጥሩ ዓመት ላይ ደብቆ፣ መጥፎ ዓመት ላይ መልቀቅ ይመጣል። ይህን ማጋለጥ ቀላል ነው። ያምናውን መጠባበቂያ በዓመቱ በእርግጥ ከጠፋው ጋር ማስተያየት ነው። በየዓመቱ ግማሹ ሳይነካ ከተረፈ ግምቱ ተነፍቷል።

ጥያቄ፦ ቀኑ ባልደረሰ ዱቤ ላይ 1 በመቶ መያዝ ግን አልገባኝም። ገና ማን ከለከለን?

መልስ፦ በአይኤፍአርኤስ 9 የሂሳብ መስፈርት የምትሠሩ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ነው የሚገመተው። የአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶችን መስፈርት የምትከተሉ ከሆነ ግን ለተራ የደንበኛ ዱቤ የመጥፋት ምልክት መታየት አለበት፤ ያኔ ያንተ ክርክር ያስኬዳል። የትኛውን እንደምትከተሉ አምና በወጣው ሪፖርት ማብራሪያ ላይ ተጽፏል።

ከሌላ አባል፦ የእኛ ኦዲተር በአነስተኛው መስፈርትም ቢሆን «ከ180 ቀን ያለፈውን በሙሉ ያዙ» ብሎን ነበር።

መልስ፦ መስፈርቱ ላይ እንዲህ የሚል ቁጥር የለም። ከሰኔ 30 በኋላ ከነዚያ ደንበኞች የገባ ገንዘብ ካለ የባንክ ማስረጃውን አሳዩት። ምንም ካልገባ ግን እኔም ከሱ ጎን ልቆም እችላለሁ።