«ውሃ በግማሽ ቀንሰናል» ሲሉ ምን እንጠይቅ?

«ሰላም ለሁላችሁ። ለቢዝነስ ኤቲክስ አሳይመንት አንድ የቡና ድርጅት ‹አረንጓዴ ነን፣ የውሃ ፍጆታችንን በግማሽ ቀንሰናል› ማለቱን እንድገመግም ተሰጥቶኛል። ግሪንዋሺንግ፣ ማለትም አካባቢን የሚጠብቅ መስሎ ማታለል፣ መሆኑን በምን ልወቅ?»

ወንድሜ፣ ከጅማ ወጣ ብሎ ባለ የእሸት ቡና ማጠቢያ ሁለት ወቅት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሁለቱን አባባሎች ለያያቸው። «አረንጓዴ ነን» የሚለው አይለካም፤ ይህንኑ ጽፈህ እለፈው። ጊዜህን ለ«በግማሽ» ስጠው።

ግማሽ ከምን? አስበው፤ ማጠቢያው ድሮ ለአንድ ኪሎ እሸት 10 ሊትር ይጠቀም ነበር እንበል። በዓመት 200 ሺህ ኪሎ ካጠበ 2 ሚሊዮን ሊትር ነው። አዲስ ማሽን አስገባና 5 ሊትር ላይ ወረደ። ሥራው ግን ሰፍቶ 450 ሺህ ኪሎ ማጠብ ጀመረ። አሁን 2 ሚሊዮን 250 ሺህ ሊትር ሆነ። በኪሎ ቀንሷል፣ አልዋሸም። ከወንዙ የሚቀዳው ግን ጨምሯል።

ዋናው ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ውሃ መቀነስና ብክለት መቀነስ አንድ አይደሉም። እሸቱ ሲታጠብ ከፍሬው ላይ የሚለቀው የቡናው ሙጫ ስኳር አለው። ወንዝ ከገባ ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ሲበላውም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ውሃው በግማሽ ቢቀንስም ሙጫው ያው ነው፤ እንዲያውም ፍሳሹ ይወፍራል። እኔ በነበርኩበት ቦታ በሩ ላይ የሚያምር ባነር ተሰቅሎ ነበር። ከጀርባ ግን ኅዳር ላይ የፍሳሹ ጉድጓድ ሞልቶ ቡናማው ውሃ አረፋ እየደፈቀ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። ሽታው ኮምጣጣ ነው። ከታች ያሉ ሰዎች ከብቶቻቸውን እዚያ ማጠጣት ትተው ነበር። አንዱን በጎ ጎን አጉልቶ ሌላውን ጉዳት መደበቅ፣ ቴራቾይስ የተባለው የካናዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የግሪንዋሺንግ «ኃጢአቶች» ዝርዝር ውስጥ አለ። አሳይመንትህ ላይ ብትጠቅሰው ይጠቅምሃል።

ስለዚህ ድርጅቱን የፍሳሽ ምርመራ ውጤት ጠይቀው። ውጤቱን ከማየትህ በፊት ናሙናው የተወሰደበትን ወር እይ። ማሽኑ ቆሞ በየካቲት የተቀዳ ውሃ ንጹሕ ቢሆን ምን ይገርማል? ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ከማጠቢያው በላይም በታችም የተቀዳ መሆን አለበት። ሰርተፍኬት ካሳዩህም የተሰጠው ለእርሻው ነው ወይስ ለማጠቢያው? ብዙ ጊዜ ይምታታል።

የሥነ ምግባሩን ክፍል ስትጽፍ «እውነት ተናግሯል ወይ?» ላይ አትቁም። ገዢው ያንን ሰምቶ «ወንዙ ድኗል» ብሎ ካመነና በዚያ ምክንያት ጨምሮ ከከፈለ፣ እውነተኛ ቁጥር ይዞም ተታሏል። ድርጅቱ ስለ ፍሳሹ እያወቀ ዝም ብሎ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ሰነድ ካልሰጡህ ግን «ዋሽተዋል» ብለህ አትጻፍ። «ማስረጃ አልቀረበም» በል፤ የጠየቅክበትን ቀንና የመለሱልህን ቃል እንዳለ አስቀምጥ።