አንድ ሰዓት ስንት ያወጣል?

ፕሮጀክት መጻፍ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

በፕሮፖዛላችሁ በጀት ላይ «የድርጅቱ መዋጮ» የምትል ዓምድ አለች። ኮስት ሼር የምትሏት ናት። ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ በዓይነት ትሞላለች፤ በተሰጠን ዕቃ፣ በተዋስነው አዳራሽ፣ በበጎ ፈቃደኞች ሰዓት። ዛሬ ስለ ሰዓቱ ልጻፍላችሁ። እኔም የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት የአንድ ሥልጠና ፕሮጀክት በጀት አዘጋጀሁ። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ በእረፍት ጊዜዋ 120 ሰዓት ልታግዘን ቃል ገባችልን። መሥሪያ ቤቷ በሰዓት 500 ይከፍላታል። እኔም 120ን በ500 አባዛሁና 60,000 ጻፍኩ። ለጋሹ ተቀበለው፣ ውሉም ተፈረመ። ባለሙያዋ ቃሏን ጠብቃ አንድም ሰዓት ሳታጎድል ሰጠችን።

ኦዲተሩ ሲመጣ የጠየቀው ስለ ሙያዋ አልነበረም። «እዚህ ምን ስትሠራ ነበር?» አለኝ። 40 ሰዓቱን የሂሳብ መዝገባችንን ስታደራጅ ቆይታለች። 80 ሰዓቱን ግን የሥልጠና መጻሕፍት ስትቆጥር፣ ስታሽግና ስታድል ነው ያሳለፈችው። ይህን ሥራ ለቀን ሠራተኛ ስናሠራ የምንከፍለው በሰዓት 60 ነው። ስለዚህ 80 ሰዓቱ 4,800 ሆነ። መጻሕፍቱን ያሸገው እጅ የሂሳብ ባለሙያ እጅ መሆኑ ዋጋውን አይጨምረውም።

የቀረው 40 ሰዓትስ? እሱም በ500 አልታሰበም። ድርጅታችን የራሱ ሂሳብ ሠራተኛ ነበረው፤ ደመወዙ ጥቅማ ጥቅሙን ጨምሮ በሰዓት ሲሰላ 300 ይመጣል። ተመሳሳይ ሥራ በተመሳሳይ ዋጋ ነው፤ 12,000 ብቻ ተያዘልን። ድምሩ 16,800 ሆነ። ከጻፍኩት 60,000 ላይ 43,200 ጎደለ ማለት ነው። ውሉ ላይ ያለ መዋጮ ዕዳ ስለሆነ ልዩነቱን ከራሳችን ካዝና ሞላን። በዚያ ዓመት ልንቀጥራት ያሰብናት ልጅ በዚህ ምክንያት ሳትቀጠር ቀረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የድጋፍ ደንብም (2 ሲ ኤፍ አር 200.306) በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። በጎ ፈቃደኛው የሚታሰበው ድርጅቱ ለተመሳሳይ ሥራ በሚከፍለው ልክ ነው። ድርጅቱ ውስጥ ያ ሙያ ከሌለ የሥራ ገበያው ዋጋ ይወሰዳል። አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። ባለሙያዋን መሥሪያ ቤቷ ደመወዟን እየከፈለ ቢልካት ኖሮና የምትሠራውም ያንኑ ደመወዝ የሚከፈላትን ሙያ ቢሆን ኖሮ፣ በራሷ ደመወዝ ትታሰብ ነበር። የኛዋ ግን የመጣችው በእረፍቷ ነው። ስለዚህ በጀት ከመሥራታችሁ በፊት «ማን ልኮሽ ነው የመጣሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሌሎች ለጋሾች ደንብ ሊለይ ስለሚችል የራሳችሁን ውል አንብቡ።

ሌላው ጣጣ የተሠራው ሰዓት የሚመዘገብበት ታይም ሺት ነው። ሌላ ጊዜ የአንድ ቡድንን የሦስት ወር መዝገብ እንድመረምር ተሰጠኝ። አሥራ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሁሉም በየቀኑ ልክ ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ሠርተዋል። ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ የእጅ ጽሑፉም የአንድ ሰው። ቢሮው ዝግ በነበረበት የበዓል ቀን እንኳ ተፈርሟል። ሰዎቹ በእርግጥ ሠርተው ነበር፤ አግኝቼ አነጋግሬአቸዋለሁ። ነገር ግን ወረቀቱ በመጨረሻው ሳምንት፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ መሆኑ ያስታውቃል። እንዲህ ያለው መዝገብ እውነተኛውንም ሰዓት ይዞ ይወድቃል። እውነተኛ ታይም ሺት ወጣ ገባ ነው። አንዱ ቀን ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሌላው ቀን ባዶ። በዕለቱ የተሞላ፣ የተሠራው ሥራ በአንድ መስመር የተገለጸበት፣ የበጎ ፈቃደኛውና የኃላፊው ፊርማ ያለበት። ለደመወዝተኛው የምትጠቀሙበትን ቅጽ ለበጎ ፈቃደኛውም ስጡት።

አንድ ሰዓትም ለሁለት ለጋሽ አይቆጠርም። ጠዋት ለአንዱ ፕሮጀክት የጻፋችሁትን ማታ ለሌላው አትድገሙት።

ከዚያ ኦዲት በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። በጎ ፈቃደኛው ሲመጣ ስሙን ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ አስቀድሜ እጽፋለሁ። ከጎኑ ያን ሥራ ቀጥረን ብናሠራ የምንከፍለውን፣ ከዚያ ሰዓቱን። 120 ሰዓት ቃል ከተገባልኝ በጀቱ ውስጥ የማስገባው 80ውን ነው፤ ሰው ይታመማል፣ ፈተና ይገጥመዋል። ትርፍ ሰዓት ከመጣ በሥራ ሪፖርቱ ትረካ ውስጥ አሰፍረዋለሁ። እዚያ ላይ ያለውን ማንም ቆጥሮ ክፈሉ አይለንም።